ስለ ሁኔታ ዐረፍተ ነገር፤ ሊሆን የሚችለውንና ያልሆነውን በአንቀጹ ስለ መለየት

የሁኔታ ዐረፍተ ነገር ሁለት ክፍል አለው። ፊተኛው ክፍል ሁኔታውን ያኖራል፤ ኋለኛው ክፍል በዚያ ሁኔታ ምክንያት የሚመጣውን ነገር ይናገራል፤ ማሠሪያ አንቀጹም የሚገኘው በዚህ በኋለኛው ክፍል ነው። ሁኔታው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሊሆን የሚችል ነው፤ አንዳንዱ ሳይሆን የቀረ ወይም አሁን የሌለ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚያስታውቀው በአንቀጹ መልክ ነውና መልኩን ያላስተዋለ አንባቢ የተነገረውን ነገር ገልብጦ ይረዳዋል።

ይህም ከንግግር ጌጥ የሚቈጠር ነገር እንዳይደለ በአንድ የበሬ ሽያጭ ይታያል። ሻጩ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፥ «ገንዘቡን ከከፈለኝ በሬውን እሰጠዋለሁ» ቢል፥ ነገሩ ገና ክፍት ነው፤ ገዢው ሊከፍል ይችላል፥ ሻጩም የመስጠት ግዴታ ገብቷል። «ገንዘቡን ቢከፍለኝ ኖሮ በሬውን በሰጠሁት ነበር» ቢል ግን ሁለት ምስክርነት በአንድ ጊዜ ሰጠ፤ ገዢው አልከፈለም፥ በሬውም አልተሰጠም። «አልከፈለም» የሚል ቃል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፤ የተናገረው የአንቀጹ መልክ ነው። ጸሐፊው የፊተኛውን በኋለኛው ለውጦ ቢጽፍ የሰውየው ቃል ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ሦስት የአንቀጽ መልኮችን ማስታወስ ይበቃል። «ከፈለ» ኀላፊ ነው፤ «ይከፍላል» ትንቢት ነው፤ «ከፍሎ» ቦዝ ነው። የሁኔታው ፊደላት በእነዚህ ላይ ይጫናሉ።

ሊሆን የሚችለው ሁኔታ «ከ» የሚለውን ፊደል በኀላፊ ላይ ጭኖ «ከከፈለ» ይላል፤ ሲያፈርስም «ካልከፈለ» ይላል። በጽሕፈት፥ ይልቁንም በውል ላይ፥ «የከፈለ እንደ ሆነ» እና «ያልከፈለ እንደ ሆነ» ይባላል። ማሠሪያው ሙሉ ትንቢት ወይም ትእዛዝ ነው፤ «ከከፈለ ይወስዳል»፥ «ከከፈለ ስጠው»።

ያልሆነው ሁኔታ «ቢ» የሚለውን በትንቢት ላይ ጭኖ «ኖሮ»ን ያስከትላል፤ «ቢከፍል ኖሮ»። ሲያፈርስ «ባይከፍል ኖሮ» ይላል። ድርጊቱ በኀላፊ ዘመን ያለቀ መሆኑን አጥብቆ ለመናገር ሲፈልግ ደግሞ ቦዙን ይዞ «ከፍሎ ቢሆን ኖሮ» ይላል። ማሠሪያው በ«ነበር» ይጨርሳል፤ መልኩም ሁለት ነው። አንደኛው «በ»ን በኀላፊ ላይ የጫነ ነው፤ «በወሰደ ነበር»። ሁለተኛው ትንቢቱ የኋላ ጭራውን ጥሎ ከ«ነበር» ጋር የሚቆምበት ነው፤ «ይወስድ ነበር»። ግእዝ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በግእዝም ሊሆን የሚችለው በ«እመ» ይነገራል፤ ያልሆነው ግን በ«ሶበ» ይጀምርና በማሠሪያው ላይ «እም»ን ይጨምራል። በሁለቱም ቋንቋ ያልሆነው ነገር ምልክቱን በሁለቱ ክፍሎች ላይ ይይዛል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ «ኖሮ» የሚነገር «ቢ» አለ፤ ተማሪን እጅግ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። «ዝናም ቢዘንም ገበሬው ይዘራል» ሲባል ዝናሙ ሊመጣ ይችላል። «ዝናም ቢዘንም ገበሬው ይዘራ ነበር» ሲባል ግን ዝናሙ አሁን የለም፥ ተናጋሪውም ይመጣል ብሎ አይጠብቅም። ፊተኛው ክፍል በሁለቱም አንድ ነው፤ የለየው ማሠሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሮ መመልከት የተሻለ ልማድ ነው። ማሠሪያው «ነበር» አለው ወይስ የለውም? ይህ ጥያቄ በፊት ይመለስ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፊተኛው ክፍል መመለስ ይገባል።

ሆኖም «ነበር» ያለበት ሁሉ ያልሆነ ነገር አይደለም። «ቀድሞ ዝናም ከዘነመ ገበሬው ወዲያው ይዘራ ነበር» የሚለው የድሮ ልማድ ይናገራል፤ ዝናሙም ዘንሟል፥ ገበሬውም ዘርቷል። እዚህ ላይ የሚለየው ፊተኛው ክፍል ነው፤ «ከ» ካለ «ነበር» የልማድ ነው፥ «ቢ … ኖሮ» ካለ ያልሆነው ነገር ነው። እንግዲህ አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ክፍሎች አብረው ይመሰክራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌላው ስሕተት ያለፈውን ሁሉ እንዳልሆነ መቍጠር ነው። ነገሩ ያለፈ ሆኖ ተናጋሪው መሆኑን አለመሆኑን ያላወቀ እንደ ሆነ፥ ሁኔታው ሊሆን የሚችል ነው፤ ምልክቱም «ከሆነ» ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ጥያቄ እነሆ፤

መልእክተኛው ትናንት ማታ …………… ደብዳቤው አሁን በዳኛው እጅ ነው።
ሀ. ደርሶ ቢሆን ኖሮ
ለ. ደርሶ ከሆነ
ሐ. ቢደርስ ኖሮ
መ. በደረሰ ነበር

«ትናንት ማታ» የሚለውን ብቻ ያየ ተማሪ ወደ «ሀ» ይሮጣል። ከመጨረሻው የጀመረው ግን ማሠሪያው «ነው» መሆኑን ያያል። «ነው» ስላለ «ኖሮ» ያለባቸው «ሀ» እና «ሐ» ይወድቃሉ። «መ» የኋለኛው ክፍል መልክ ነውና በፊተኛው ቦታ ሊቆም አይችልም። የቀረው «ለ» ነው፤ ትርጕሙም ይስማማል፤ መልእክተኛው መድረሱ አልታወቀም፥ ደርሶ ከሆነ ግን ደብዳቤው የት እንዳለ ታውቋል።

አሁን ወደ ተቀላቀለው ሁኔታ እንመጣለን። የተቀላቀለ የሚባለው ሁለቱ ክፍሎች በየራሳቸው ዘመን ሲቆሙ ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል። በመጀመሪያው ሁኔታው ያለፈ ነው፥ ፍሬው ግን ዛሬ ነው፤ «በልጅነቱ ፊደል ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደብዳቤውን ራሱ ያነብ ነበር»። በሁለተኛው ሁኔታው እስከ ዛሬ ያለ ነው፥ ፍሬው ግን ያለፈ ነው፤ «ማንበብ የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ባለፈው ሳምንት ያን ውል ባልፈረመ ነበር»። ሰውየው ዛሬም አያነብም፤ ፊርማው ግን አንድ ጊዜ ሆኖ አልፏል። አማርኛ ዛሬ ላለው ፍሬ «ያነብ ነበር» የሚለውን፥ ሆኖ ላለቀው ፍሬ «ባልፈረመ ነበር» የሚለውን ይመርጣል። ስለዚህ የጊዜ ቃሉን በእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው መፈለግ ያስፈልጋል፤ በፊተኛው ክፍል ያለው «ባለፈው ዓመት» የኋለኛውን ክፍል ዘመን አይወስንም።

ይህን የሚያሳይ ሁለተኛ ጥያቄ እነሆ፤

ገበሬው ባለፈው ዓመት እህሉን ከነቀዝ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ዘር ከሰው ……………።
ሀ. አይበደርም
ለ. አይበደርም ነበር
ሐ. አልተበደረም
መ. ካልተበደረ

በመጀመሪያ ባዶው ቦታ የማሠሪያ ቦታ መሆኑ ይታይ። «መ» ሌላ ሁኔታ የሚጀምር እንጂ የሚያስር አንቀጽ ስላይደለ ይወጣል። ቀጥሎ ፊተኛው ክፍል «ቢሆን ኖሮ» ይላል፤ ነቀዙ እህሉን በልቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ማሠሪያው «ነበር» ይፈልጋል፤ «ሀ» እና «ሐ» ስለሌላቸው ይወድቃሉ። በመጨረሻ ዘመኑ ይመርመር፤ «ዘንድሮ» ስላለ በ«ለ» ያለው ትንቢት ከ«ነበር» ጋር ይስማማል። የዐረፍተ ነገሩም ፍሬ ገበሬው ዘንድሮ ዘር መበደሩን ያስታውቃል።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ መምህሩ ሊያሳየው የሚገባ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። አንቀጹ ሲያጸና «ይበደራል» እና «ይበደር ነበር» ይላል፤ ሁለቱ መልኮች በራሳቸው ይለያያሉ። ሲያፈርስ ግን «አይበደርም» የሚለው በሁለቱም ሳይለወጥ ይቆማል፤ የሚለየው «ነበር» ብቻ ነው። ተማሪዎች በማፍረሻ አንቀጽ ላይ ከማጽኛው ይልቅ የሚሳሳቱት ስለዚህ ነው።

ጥያቄ የሚያዘጋጅ መምህርም ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቅ። አንደኛ፥ «ቢ» ያለ «ኖሮ» በገባበት ዐረፍተ ነገር «ይዘራል» እና «ይዘራ ነበር» ሁለቱም ይስማማሉና፥ «ሰማዩ ግን ደመና የለውም» እንደሚል ያለ ነገሩን የሚወስን ቃል ሳይጨምር ሁለቱን በምርጫ አያቅርብ። ሁለተኛ፥ ያለፈ ፍሬ ሲነገር «በወሰደ ነበር» የተመረጠ ቢሆንም «ይወስድ ነበር» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፥ ስሕተትም አይባልም። ሁለቱ በአንድ ጥያቄ ተሰልፈው አንዱ ብቻ ልክ ነው ቢባል፥ ቋንቋውን በትክክል የሚያውቅ ልጅ ያለ በደሉ ነጥብ ያጣል።

ሽማግሌዎችም ውል ወይም የምስክር ቃል ሲያነቡ ይኸው ምርመራ ያገለግላቸዋል። ወደ ፊት ስለሚሆን ነገር የሚጻፍ ውል «ከከፈለ» ወይም «የከፈለ እንደ ሆነ» ብሎ በሙሉ ትንቢት ይሰር፤ «ኖሮ» እና «በሰጠሁት ነበር» የሚሉት በእንዲህ ያለው የውል ቃል ውስጥ ቦታ የላቸውም። በምስክር ቃል ውስጥ «ከፍሎ ከሆነ» የሚል ሰው አላውቅም ማለቱ ነው፤ «ከፍሎ ቢሆን ኖሮ» የሚል ሰው ግን አልከፈለም ብሎ መስክሯል። ጸሐፊው ቃሉን ከመዝጋቱ በፊት መልሶ አንብቦ፥ «ከፍሏል፥ አልከፈለም፥ ወይስ አልታወቀም?» ብሎ ተናጋሪውን ይጠይቅ። መልሱ ከተጻፈው አንቀጽ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ፊርማ ሳይደረግበት አንቀጹ ይታረም።