ከተቆረጠ ምስል ጀርባ ነጩ ሳጥን ከየት ይመጣል?

አንዲት ነጋዴ የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም ትሸጣለች እንበል። አንዲት ልጅ ቀሚሱን ከነነጠላው አልብሳ ግድግዳ ፊት አቁማ ፎቶ ታነሳለች፤ ከዚያም ግድግዳውን በጥንቃቄ እየፋቀች ታጠፋዋለች። ባዶው ቦታ ላይ ግራጫና ነጭ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቅ ይላሉ። ምስሉን በ .jpg አስቀምጣ ጥቁር አረንጓዴ ፖስተር ላይ ስትለጥፈው ግን ልጅቷ ነጭ ሳጥን ውስጥ ቆማ ትገኛለች። ያ ሁሉ ፍቆ ማጥፋት የት ገባ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ፕሮግራሙን ነው። ፕሮግራሙ ግን የታዘዘውን ፈጽሟል። ችግሩ የተፈጠረው ምስሉ ፋይል ሆኖ በተቀመጠበት ቅጽበት ነው።

ዲጂታል ምስል የፒክሰሎች ስብስብ ሲሆን፣ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ፒክሰል በሦስት ቁጥሮች ትገለጻለች፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን። እያንዳንዱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ሦስቱም 255 ከሆኑ ነጭ፣ ሦስቱም 0 ከሆኑ ጥቁር ይሆናል። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የፈለጉትን ቀለም መጻፍ ይቻላል፣ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም። ለዚህ አራተኛ ቁጥር ያስፈልጋል። አልፋ ይባላል፤ 0 ሲሆን ፒክሰሏ ፈጽሞ አትታይም፣ 255 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ትታያለች፣ በመካከል ያለው ደግሞ በከፊል ከኋላዋ ያለውን ታሳያለች። ግራጫና ነጭ አራት ማዕዘኖቹም የምስሉ አካል አይደሉም። ፕሮግራሙ አልፋው 0 የሆነውን ቦታ ለማመልከት የሚጠቀምበት ምልክት ብቻ ናቸው።

ጄፔግ ለዚህ አራተኛ ቁጥር ቦታ የለውም። አልፋ ያኔ ስላልታወቀ አይደለም። አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትመል በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሐሳቡን ያፈለቁት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ የጄፔግ መስፈርት የወጣው በ1992 ነው። ነገር ግን ጄፔግን ያዘጋጀው የባለሙያዎች ቡድን ያሰበው ስለ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከካሜራ የወጣ ፎቶ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው፣ ቀዳዳ የለውም። ጠለቅ ብሎ የሚያውቅ አንባቢ መስፈርቱ አራት የቀለም ንብርብሮችንም እንደሚቀበል ያስታውስ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለኅትመት በሚዘጋጁ ምስሎች ላይ አራተኛው ለጥቁር ቀለም ይውላል። «ይህኛው ንብርብር አልፋ ነው» የሚል፣ ሁሉም ፕሮግራሞች የሚግባቡበት ስምምነት ግን የለም።

ታዲያ አንድ ቀለም፣ ለምሳሌ ደማቅ ሐምራዊን፣ «ይህ ባዶ ነው» ብሎ መመደብ አይቻልም ነበር? በጄፔግ አያስኬድም። ጄፔግ የፋይሉን መጠን የሚቀንሰው ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ ነው። ሲከፈት የሚመለሰው ቀለም ለዋናው የቀረበ እንጂ ራሱ ዋናው አይደለም። ሐምራዊው ከቀሚሱ ጠርዝ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ይበራረዛሉ፤ የትኛው ፒክሰል የተመደበው ቀለም፣ የትኛው የቀሚሱ እንደሆነ መለየት ያዳግታል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደ .jpg ሲያስቀምጥ ባዶውን ቦታ በአንድ ቀለም ከመሙላት ሌላ ምርጫ የለውም። አብዛኞቹ ነጭ ይመርጣሉ። አንዳንዴ ጥቁር ሳጥን የሚወጣውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በጠፋው ቦታ ሦስቱ የቀለም ቁጥሮች 0 ሆነው ከተቀመጡና ፕሮግራሙ አልፋውን ብቻ ጥሎ ቀለሙን ካስቀረ፣ የሚቀረው ጥቁር ነው። ከዚያ በኋላ የፋይሉን ስም ከ .jpg ወደ .png መለወጥ የሚፈይደው ነገር የለም። የተጣለው አልፋ በስም ለውጥ አይመለስም።

ለተቆረጠ ምስል የመጀመሪያው ምርጫ ፒኤንጂ ነው። ይህ ቅርጸት በ1996 የወጣው ጂአይኤፍ የሚጠቀምበት የመጭመቂያ ዘዴ በፓተንት ምክንያት ክፍያ ከተጠየቀበት በኋላ ነው። ጂአይኤፍ ራሱ ባዶ ቦታ መያዝ ይችላል፣ ሆኖም ከ256 ቀለም አያልፍም፣ ፒክሰሉንም ወይ ሙሉ ለሙሉ ያሳያል ወይ ፈጽሞ ይደብቃል። የነጠላው ጫፍ ላይ ያለው ዘርፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀጭን ክር የፒክሰሏን ግማሽ ብቻ ሊሸፍን ይችላል፤ ጂአይኤፍ ክሩን ወይ ያወፍረዋል ወይ ይቆርጠዋል።

ፒኤንጂ ይህችን ፒክሰል እንዴት እንደሚይዛት በቁጥር እንይ። ክሩ ነጭ ነው፣ ሦስቱም ቁጥሮች 255፤ አልፋው ደግሞ 128፣ ማለትም ግማሽ ያህል። የፖስተሩ አረንጓዴ 0፣ 100፣ 0 ቢሆን፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ከክሩ ግማሽ፣ ከፖስተሩም ግማሽ ተወስዶ 128፣ 178፣ 128 ገደማ ነው። ያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ክሩም በፖስተሩ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ያው ፋይል ቀይ ፖስተር ላይ ቢለጠፍ ስሌቱ እንደገና ይሠራል፣ ጠርዙም ወደ ቀይ ያደላል።

የፒኤንጂ ጉድለት ክብደቱ ነው። ምንም ዝርዝር ስለማይጥል፣ የፎቶ ፋይል ከጄፔግ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ለድረ ገጽ ክብደቱ ካስቸገረ ጉግል በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ መፍትሔ ነው፤ እንደ ጄፔግ ቀለሙን ጨምቆ አልፋውን ግን ይዞ መቆየት ይችላል። የማይንቀሳቀሱ የቴሌግራም ስቲከሮችም በዚህ ቅርጸት ይሠራሉ። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች ላይከፍቱት ስለሚችሉ፣ ለማተሚያ ቤት የሚላከውን በፒኤንጂ ወይም በቲፍ ማድረግ ይሻላል።

ትክክለኛው ቅርጸት ተመርጦም የሚያናድድ ነገር አለ፤ በልጅቷ ዙሪያ የሚቀር ቀጭን ነጣ ያለ መስመር። ይህ በጠርዙ ላይ ያሉት ፒክሰሎች ፎቶው ሲነሳ የልጅቷንና የግድግዳውን ቀለም ቀላቅለው ስለያዙ የሚቀር የግድግዳው ርዝራዥ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም፣ ጥቁር ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህ ሲቆርጡ ከሥሩ ደማቅ ወይም ጥቁር ንብርብር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ፎቶውም በቴሌግራም ተልኮ ከተመለሰው ቅጂ ሳይሆን ከካሜራው ከወጣው ቢቆረጥ ይመረጣል።

ሥራው በፎቶሾፕ ከሆነ ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጄፔግ ሲከፈት ንብርብሩ Background በሚል ስም ተቆልፎ ይመጣል፣ ሲፋቅም ባዶ አይሆንም፣ በሌላ ቀለም ይቀባል። ሁለት ጊዜ ጠቅ ተደርጎ Layer 0 ሲሆን ነው መፋቁ እውነተኛ ባዶ የሚፈጥረው። በጊምፕ ተመሳሳዩ ትእዛዝ Add Alpha Channel ነው።

ፒኤንጂውን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ አልፋውም ይጠፋል። ቀሚሱ በፖስተሩ ላይ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ግን ባዶ ቦታ ስለማይኖር፣ የሚለጠፈውን የመጨረሻ ፖስተር በጄፔግ ማስቀመጥ ምንም ችግር የለበትም። የተቆረጠውን ምስል ከነንብርብሩ፣ በፎቶሾፕ በ .psd፣ በጊምፕ በ .xcf፣ ለብቻው ማስቀመጥን ግን አይርሱ።