የሁዳዴ ቅናሽ እንዴት ይነበባል?

የቅበላው ሳምንት ሲደርስ የአዲስ አበባ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች በራቸው ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። መጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ «እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልን» ይላል። ከሥሩ የሽሮ፣ የምስር ክክ፣ የአተር ክክ፣ የሱፍ፣ የተልባና የዘይት ዋጋ ይዘረዘራል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ተጠቃለው በአንድ ዋጋ ይቀርባሉ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ይርቃሉ። ስለዚህ ሸማች አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ለቤቱ የሚበቃውን መጠን ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በሁለት ቀን አንዴ ሽሮ ቢሠራና ለአንድ ጊዜ 200 ግራም ዱቄት ቢበቃው፣ ለጾሙ በሙሉ ወደ 5 ኪሎ ተኩል ያስፈልገዋል። ጥቅሉ 10 ኪሎ ሽሮ ከያዘ፣ ዋጋው ቢቀንስም ግማሹ ከፋሲካ በኋላ ይተርፋል። ጥቅሉ በርግጥ መርከሱን ለማወቅም የእያንዳንዱን ዕቃ የነጠላ ዋጋ ደምሮ ከጥቅሉ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። አንዳንዱ ጥቅል የሚረክሰው ቤቱ የማይፈልገው ዕቃ ስለተጨመረበት ብቻ ነው።

ቅናሽ ስለተገኘ ሁሉንም አንዴ ማከማቸት አያዋጣም። ክክ በደረቅ ቦታ በተከደነ ዕቃ ከተቀመጠ ጾሙን ያለ ችግር ይዘልቃል። ሲገዛ ግን ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ይገባል፤ ከታች ደቃቅ ዱቄት ከተጠራቀመ፣ ፍሬውም የተበሳ ከሆነ ነቀዝ ገብቶበታል። ተልባና ሱፍ ቅባት ስላላቸው ከተፈጩ በኋላ ቶሎ ይበላሻሉ፤ የቆየ የተልባ ዱቄት ሽታው ይለወጣል፣ ሲቀመስም ይመርራል። ፍሬውን ገዝቶ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ቆልቶ መፍጨት ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ሽሮ ነው። ጥሩ ሽሮ ከሽንብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ይዘጋጃል፤ ከሌሎቹ በጣም የረከሰው ግን ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይድን በሽታ ያስከትላል። ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ሻጩ ከምን እንደተዘጋጀ በግልጽ ካልተናገረ መተው፣ አለዚያም እህሉን ገዝቶ ማስፈጨት ይመረጣል።

«የጾም» ተብለው በቅናሽ የሚሸጡ ብስኩቶችም አሉ። የእነዚህ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዝርዝር ይነበብ፤ የወተት ዱቄት ወይም እንቁላል ካለበት፣ መደብሩ ምንም ብሎ ቢለጥፍበት የጾም አይደለም።