«ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3» ምን ማለት ነው?
አፍሮባሮሜትር በአፍሪካ ሀገራት በሚያካሂዳቸው የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች በአብዛኛው 1 ሺህ 200 ወይም 2 ሺህ 400 አዋቂዎች ይጠየቃሉ። ሚሊዮኖች ስለማይጠየቁ፣ የናሙናው ውጤት በአጋጣሚ ብቻ ከመላው ሕዝብ ሐሳብ ጥቂት ሊርቅ ይችላል። ይህ የናሙና ስህተት ይባላል።

የስህተቱ ስፋት የሚገለጸው በስህተት ህዳግ ነው። ለ1 ሺህ 200 ሰዎች ህዳጉ 3 ነጥብ ያህል ነው። ለአብነት 48 በመቶዎቹ አንድን ዕጩ ቢመርጡ፣ የመላው ሕዝብ ድጋፍ ከ45 እስከ 51 በመቶ ባለው ውስጥ እንደሚገኝ ይገመታል። የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ ነው ሲባል፣ ጥናቱ በተመሳሳይ መንገድ 100 ጊዜ ቢደገም ከሚገኙት ግምቶች 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋሉ፤ 5 ያህሉ ይስቱታል።

ተፎካካሪው 45 በመቶ ቢያገኝ፣ የመጀመሪያው ዕጩ እየመራ ነው ለማለት ይቻላልን? እኛ ጋዜጠኞች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የራሱ ህዳግ አለው፤ እርሱም በዚህ ምሳሌ ከ5 ነጥብ ይበልጣል። የ3 ነጥብ ብልጫ የአጋጣሚ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ህዳጉ የአመራረጥ ጉድለትን ግን አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሾችን ሰብስቦ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፉ ተነበየ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ መልስ የላኩትም ከተጠየቁት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ።