ግድግዳው ለምን እንደ ከበሮ ይጮሃል?

አዲስ የተለሰነ ክፍል ስትገቡ ግድግዳውን በሳንቲም ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት። አብዛኛው ቦታ ጠንከር ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል። አንዳንድ ጋ ግን ድምፁ ድንገት የከበሮ ይሆናል። እዚያ ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል ማለት ነው። አጠገቡ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ካያችሁም አትገረሙ፤ ሁለቱንም ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ውሃ በማይሆን ሰዓት መሄዱ ነው።

ሲሚንቶ ሲጠነክር «ደረቀ» እንላለን፤ አባባሉ ግን ያሳስታል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በኬሚካል ተዋህዶ ነው። ደረቅ ብሎኬት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይመጠዋል። ብሎኬቱን የነካው ሲሚንቶ ውሃ አጥቶ ሳይዋሃድ ከቀረ፣ ማጣበቂያ መሆን የነበረበት ስስ ንብርብር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አቧራ ያልተጠረገበት ግድግዳም ያው ነው።

ስለዚህ ግድግዳው ተጠርጎ ይረጥባል፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ እስኪመጠጥም ይጠበቃል። ውሃ የሚንጠባጠብበት ግድግዳ ቀዳዳዎቹ ስለሞሉ ልስኑን አይዝም። ቀጥሎ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ቀጠን ተደርጎ ይቦካና በማንካ ይገረፋል። ግርፉ አይለሰልስም፤ ሻካራነቱ ነው ቀጣዩን ልስን አጥብቆ የሚይዘው።

ለዋናው ልስን አንድ ሲሚንቶ ለአራት ወይም ለአምስት አሸዋ ይበቃል። «ሲሚንቶ ቢጨመር አይሻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይጠነክራል፣ ግን ሲደርቅ የበለጠ ይኮማተራል፤ የሚኮማተር ነገር በግድግዳው ከተያዘ ደግሞ ይሰነጠቃል። ጭቃ የበዛበት አሸዋም ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ ያው ያደርጋል።

እስቲ ርዝመቱ 4፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ እንውሰድ። ልስኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 180 ሊትር ድብልቅ ይበላል። ሁሉም ጠዋት በአንዴ ቢቦካ፣ ለሳኙ ሌላኛው ጥግ ሳይደርስ መጠንከር ይጀምራል። ረዳቱ ውሃ ጨምሮ «ያድሰዋል»፤ በእጅ ለስላሳ ይመስላል፣ ጥንካሬው ግን ቀንሷል። በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያልቀውን ያህል እያቦኩ መሄድ ነው። ግድግዳው ጎድጎድ ብሎ 3 ሳንቲ ሜትር የሚፈልግ ቦታ ካለም በሁለት ዙር ይሞላ፤ በአንዴ ከተጫነ በክብደቱ ይንሸራተታል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ቶሎ እንዲያዝ ብሎ ደረቅ ሲሚንቶ ላዩ ላይ ነስንሶ መፈግፈግ ነው። ያማረ ፊት ይወጣል፤ ላዩ ግን ከታቹ በላይ ስለሚኮማተር በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል።

ከማግስቱ ጀምሮ ለሳምንት ያህል ውሃ ይርከፈከፍ፤ ነፋስ እንዳያደርቀውም መስኮቱ ይሸፈን።

ከበሮ የሆነው ቦታ ሰፊ ከሆነ እስከ ብሎኬቱ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይለሰናል። ስንጥቁ ኮለኑን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ከወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ኮንክሪትና ብሎኬት እኩል አይኮማተሩም። መገናኛቸው ላይ ከልስኑ በፊት የሽቦ መረብ መመታት ነበረበት።