በካሬ ስንት ብሎን?

የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገብተው የጣሪያ ብሎን ሲጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሳት ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» የምትል ናት። ካሬውን ሲነግሩት በአምስት ያባዛና ይቆጥርልዎታል። ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ይገጥምለታል። የማይገጥምበት ቀን ግን አለ፤ ብሎን የሚታሰረው በፐርሊን ላይ ስለሆነ የሚቆጠረውም በፐርሊን መስመር ነው።

ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘነበለ የጋራዥ ጣሪያ እናስብ። ወርዱ 9.9 ሜትር ነው፤ ከላይኛው ጫፍ እስከ አሸንዳው 6 ሜትር። የብረት ፐርሊኖቹ በየ1.2 ሜትር ስለተዘረጉ ስድስት መስመር ይሆናሉ። ቆርቆሮው ክብ ሞገድ ያለው የተለመደው ዓይነት ነው፤ ከጉብታ ጉብታ 7.6 ሳንቲ ሜትር። አንዱ ቆርቆሮ መደራረቢያው ሲቀነስ አሥር ጉብታ፣ ማለትም 76 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ሙሉ ርዝመት ያላቸው 13 ቆርቆሮዎች ይበቃሉ።

አሁን ወደ ብሎኑ። በላይኛውና በታችኛው ፐርሊን ላይ አንድ ጉብታ እየተዘለለ ይታሰራል፤ ለአንድ ቆርቆሮ አምስት ብሎን። በመካከሉ ባሉት አራት ፐርሊኖች ሦስት ሦስት ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ መደራረቢያው ጉብታ ላይ ገብቶ ሁለቱን ቆርቆሮ አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ 22 ብሎን ይወስዳል፤ 13ቱ 286። የመጨረሻው ቆርቆሮ በውጭ ጠርዙ ጎረቤት ስለሌለው በየመስመሩ አንድ ሲጨመርለት 292 ይሆናል። ለ59.4 ካሬ ሲካፈል አምስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሻጩ ልክ ነበር።

ያንኑ ቆርቆሮ ለበረንዳ እናውርደው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ፐርሊኑ በየ1 ሜትር፣ አራት መስመር። ለአንድ ቆርቆሮ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፤ ድምሩ 16። ቆርቆሮው የሚሸፍነው 2.3 ካሬ ብቻ ነው። በካሬ ሰባት ብሎን! ጣሪያው ሲያጥር ብሎን በብዛት የሚወስዱት ሁለቱ የጫፍ መስመሮች በትንሽ ካሬ ላይ ይከመራሉ። አጫጭር ቆርቆሮ በቁመት ተቀጣጥሎ ሲለበስም መቀጣጠያው ያረፈበት ፐርሊን እንደ ጫፍ መስመር ስለሚቆጠር ቁጥሩ ያድጋል።

በአምስት ሒሳብ የተገዛ ብሎን በረንዳው ላይ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ቆርቆሮ ከአንድ ጎን ተጀምሮ ወደ ሌላው ነው የሚለብሰው። ሠራተኛው ካርቶኑ መጉደሉን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ «ይሄ ይበቃዋል» ብሎ ያሳሳል። ያ መጨረሻ ደግሞ የጣሪያው ጠርዝ ነው። ነፋስ ጣሪያን ከላይ አይጫነውም፤ በላዩ እያለፈ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በጠርዝና በማዕዘን ላይ ደግሞ ስቦቱ ይብሳል። ቁጠባው በማይሆን ቦታ ላይ አረፈ ማለት ነው።

ነፋስ ቆርቆሮ ከወሰደ በኋላ ፐርሊኑን ማየት ብዙ ይናገራል። ብሎኖቹ ከነሮንዴላቸው ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ቆርቆሮው በብሎን አናት ላይ ተቀዶ ወጥቷል፤ ብሎን አንሷል ወይም ሮንዴላው ጠቧል። ፐርሊኑ ላይ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ከቀረ ግን ብሎኑ መጀመሪያውኑ ብረቱን አልነከሰም። ለእንጨት የተሠራ ሹል ብሎን ብረት ላይ እንዲህ ያደርጋል። ለብረት የሚሆነው ጫፉ እንደ መሰርሰሪያ ሆኖ ራሱ የሚበሳው ነው፤ ጉብታ ላይ ለማሰር 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያስፈልገዋል።

ሮንዴላ ለየብሎኑ አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጎማው ተለጥፎበት ከብሎኑ ጋር ይመጣል። ለብቻው ከተገዛ ብረቱ ከላይ፣ ጎማው ከታች ነው። እኔ ጣሪያ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ይህቺን ጎማ ነው። ከሮንዴላው ጠርዝ ትንሽ ብቅ ብላ ከታየች ልክ ነው። ሮንዴላው በጣት የሚዞር ከሆነ ላልቷል። ጉብታው እንደ ሰሃን ከጎደጎደ ደግሞ ሠራተኛው መሣሪያውን አልለቀቀም፤ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ውሃም እዚያው ይቆማል። ፐርሊኑን ስቶ ባዶውን የሚዞር ብሎን ካለ ተነቅሎ ቀዳዳው መደፈን አለበት፤ እዚያው መተው ማፍሰሻ ማበጀት ነው።

ሁለት ቆርቆሮ የሚደራረብበት መስመር በፐርሊኖች መካከል እንዳይከፈት አጭር ብሎን ይገባበታል። ለጋራዣችን 12 መደራረቢያ በአምስት ክፍተት፣ 60 ብሎን። ይህ ከ292ቱ ውጭ ነው፤ ለሚወድቀውና ለሚበላሸው ደግሞ ከመቶ አምስት ያህል ይጨመራል። ብሎኑ ሲበሳ የሚረግፈው የብረት ፍቅፋቂ ቆርቆሮው ላይ ካደረ በመጀመሪያው ዝናብ ዝጎ ቀይ ነጠብጣብ ስለሚያለብሰው፣ ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት በመጥረጊያ ቢጠርገው ይሻላል።