ባልተከፈለ ቫት ላይ የተጠየቀ ተመላሽ

ለንደን ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍቶ የቫት ሂሳቡን ራሱ የሚሠራ ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የሦስት ወሩን ግዢ በሙሉ ይደምርና ለስድስት አካፍሎ የደረሰበትን ቁጥር ተመላሽ ይጠይቅበታል። የእንግሊዝ ቫት 20 በመቶ ስለሆነ፣ ቫት ያለበት ዕቃ ከተከፈለው ዋጋ አንድ ስድስተኛው በእርግጥም ቫት ነው። ነገር ግን የጤፍ ዱቄት፣ ምስር፣ ሽንኩርትና ሥጋ በዜሮ ተመን ይሸጣሉ። ነጋዴው ሲገዛቸው ቫት አልከፈለም፤ ስለዚህ የሚመለስለት የለም። ደረሰኙን ማየት ይበቃል፤ በእነዚህ ዕቃዎች ትይዩ የቫቱ ቦታ ዜሮ ነው።

በሰኔ 30 በተዘጋው ሩብ ዓመት ለእነዚህ ምግቦች 18,000 ፓውንድ ወጥቷል እንበል። በስሕተት የተጠየቀው ተመላሽ 3,000 ፓውንድ ይሆናል። አንዴ የተላከ የቫት ሪተርን ተከፍቶ አይታረምም። ይሁን እንጂ የስሕተቶቹ የተጣራ ድምር ከ10,000 ፓውንድ ካልበለጠ ነጋዴው በሚቀጥለው ሪተርን ማስተካከል ይችላል። ለመንግሥት የሚመለስ ገንዘብ ስለሆነ 3,000ውን በሳጥን 1 ላይ ይደምረዋል። ስሕተቱን መቼ እንዳገኘው፣ እንዴት እንደተፈጠረና መጠኑን በሂሳብ መዝገቡ ጽፎ ያስቀምጣል። ትልቅ ስሕተት ሲሆን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለብቻው ይገለጻል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር መጠኑ ቢያንስም በሚቀጥለው ሪተርን አይታለፍም። ማረሚያው የሚሠራው ደግሞ የሂሳብ ጊዜው ካለቀ እስከ አራት ዓመት ብቻ ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ይህ ነው፦ ስሕተቱ የመጣው በቸልተኝነት ከሆነ፣ ቁጥሩን በሪተርኑ ላይ ማስተካከል ብቻውን እንደ ማሳወቅ አይቆጠርም። መሥሪያ ቤቱ ከመጠየቁ በፊት በደብዳቤ መግለጽ ያስፈልጋል። ሳይጠየቅ ቀድሞ የተናገረ ሰው ቅጣቱ እስከ ዜሮ ሊወርድለት ይችላል፤ ከተጠየቀ በኋላ ግን በመደበኛው ሁኔታ ከ15 በመቶ በታች አይወርድም። ስለዚህ ደብዳቤውን ለነገ አለማለት ይሻላል።

የዘገየ ሪተርን ሌላ መንገድ አለው። የሰኔው ቀነ ገደብ ነሐሴ 7 ነው (ወራቱ በአውሮፓ አቆጣጠር)። በየሩብ ዓመቱ የሚያስገባ ነጋዴ ባሳለፈ ቁጥር፣ የሚከፍለው ባይኖርም እንኳ፣ አንድ ነጥብ ይያዝበታል፤ አራት ሲሞላ 200 ፓውንድ ይቀጣል። ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል፤ ቅጣቱ ግን በ16ኛው ቀን ነው የሚጀምረው። ገንዘብ የሌለው ሰው ሪተርኑን አለማስገባቱ ጉዳቱን ያብስበታል። ሪተርኑን ቶሎ አስገብቶ፣ በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ በየወሩ ለመክፈል ቢስማማና ቃሉን ቢጠብቅ የክፍያ መዘግየት ቅጣት አይጣልበትም።