«ቺፑ ፌክ ነው» ከማለታችሁ በፊት ኮዱን ክፈቱት

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን በባጃጅ አስጭነው ሱቅ ድረስ መጡ። ሌሊት መብራት ሄዶ ተመልሷል፤ ማሽኑ ግን እንደቀዘቀዘ አደረ። 13ኛ ቀኑን የያዘ ሁለት መቶ ምናምን እንቁላል ገደል ገባ። ስሰካው ስክሪኑ ይህን ይላል፦

```
DAY 255   SET nan
```

ከወር በፊትም እንዲሁ ሆኖ፣ አንድ ባለሙያ «ቺፑ ፌክ ነው» ብሎ ቦርዱን ቀይሮላቸዋል። ይቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማንም ኮዱን ከፍቶ አላየም።

ውስጡ ያለው ኢኤስፒ8266 ነው። ኮዱ ያለፈውን ሰዓት፣ ቀኑንና የሙቀት ልኩን አንድ ላይ በየ10 ሰከንዱ በ`EEPROM.commit()` ይጽፋል። ስሙ አያታላችሁ፤ በዚህ ቦርድ ላይ ኢኢፕሮም የሚባል ነገር የለም። ያለው ፍላሽ ነው፣ ላይብረሪው ደግሞ ስሙን ብቻ ተውሷል። ፍላሽ ላይ አንዲት ባይት ለመቀየር 4096 ባይቱን ሴክተር ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ግድ ይለዋል። የዚህ ዓይነት ፍላሽ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሚገቡት አንድ ሴክተር 100,000 ጊዜ ቢጠፋ እንደሚችል ነው። በየ10 ሰከንዱ ከጻፋችሁ ያ በ11 ቀን ተኩል ያልቃል። ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ነው የሚፈጀው!

አዲሱ ቦርድ 30 ቀን ሠርቷል፤ 259,200 ጊዜ ተጽፎበታል ማለት ነው። ሴክተሩን ራሴ ጽፌ መልሼ አነበብኩት፤ የሰጠሁትን ሳያዛባ መለሰልኝ። ካረጀ አንዳንድ ቢት አልታዘዝ ይል ነበር። «ፌክ» የተባለው ቺፕ ቃሉን ከእጥፍ በላይ ጠብቋል።

ታዲያ ምን ሆነ? ሴክተሩ ከጠፋ በኋላ አዲሱ ሳይጻፍ መብራት ሄደ። የጠፋ ፍላሽ ሁሉም ባይቱ 255 ነው፤ ቀኑ 255 የሆነው ለዚህ ነው። አራት 255 ባይት እንደ ፍሎት ሲነበብ ደግሞ ቁጥር አይሆንም፣ `nan` ይሆናል። ከዚያ ይህች መስመር፦

```
if (temp < setpoint) heaterOn();
```

ከ`nan` ጋር የሚደረግ «ያንሳል?» የሚል ጥያቄ መልሱ ምንጊዜም «አይ» ነው። ማሞቂያው በጭራሽ አይበራም። ማጥፋቱና መጻፉ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ በየ10 ሰከንዱ ሲደጋገም ከ200 የመብራት መጥፋት አንዱ እዚያች ቅጽበት ላይ ያርፋል። በእኛ ሰፈር 200 ለመሙላት ብዙ አይፈጅም፤ በተለይ ብልጭ ድርግም የሚልበት ሰሞን።

መፍትሄው፦

1. መጻፍ የሌለበትን አትጻፉ። ዲኤስ3231 የምትባለውን ባለ ባትሪ ሰዓት ግጠሙና እንቁላሉ የገባበትን ቀን አንዴ ብቻ መዝግቡ። ስንተኛ ቀን እንደሆነ በመቀነስ ይገኛል። የሙቀት ልኩ የሚጻፈው ሰው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። በየ10 ሰከንዱ የነበረው በ21 ቀን አንዴ ሆነ፤ የማርጀት ጣጣ እዚሁ ላይ አለቀ።

2. ያለችውን አንድ ደህና ቅጂ አጥፍታችሁ አዲስ አትጻፉ። ሁለት ሴክተር ያዙ። እያንዳንዱ መዝገብ ተራ ቁጥር፣ ዳታ፣ መጨረሻ ላይ ሲአርሲ ይኑረው፤ ሁልጊዜ አሮጌው ላይ ጻፉ። ሲነሳ ሲአርሲው ትክክል ከሆኑት ትልቁን ተራ ቁጥር ይውሰድ። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ የምታጡት የመጨረሻዋን ለውጥ ብቻ ነው። ሁለቱም ከተበላሹ 37.5 ዲግሪ ይዞ ይጩህ፤ ዝም ብሎ አይቀዝቅዝ። ይህን ራሴ አልጽፍም የሚል `LittleFS` ይጠቀም፤ መብራት መጥፋትን አስቦ ነው የተሠራው።

3. ካፓሲተር። «ትልቅ ካፓሲተር ጨምርበት» የሚል ምክር በየግሩፑ ይዞራል። ካፓሲተር ጥቂት ጊዜ ይገዛል እንጂ ኮዱ መብራት መሄዱን ካላወቀ፣ ያቺን ጊዜ ይዞ አዲስ ሴክተር ማጥፋት ሊጀምርባት ይችላል! ከካፓሲተሩ በፊት ዲዮድ ይግባ፣ ኃይሉ ከዲዮዱ በፊት ይለካ፣ ሲወርድ መጻፍ ይከልከል፤ ያኔ ካፓሲተሩ የተጀመረውን ያስጨርሳል።

ደግሞ ይህ ኮድ ከየት መጣ? አንድ ማሰልጠኛ ከሚያድለው ማስታወሻ፣ ከነኮሜንቱ። እዚያ «ሴቲንግ ማስቀመጥ» ሲያስተምሩ ሰልጣኙ አንዴም ሶኬት ነቅሎ አይሞክርም። ለወጣቶች ማኅበር መፈልፈያ የሚገዛ አንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድም አይቻለሁ፤ የትሪው ቁጥር አለ፣ የቀለሙ ዓይነት አለ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል አንድ መስመር የለም። ከዚያ ማሽኑ ሲከዳ ቻይና ይሰደባል።

የሙከራው ዋጋ አንድ ሪሌ ነው። ሌላ ቦርድ በዘፈቀደ ጊዜ የማሽኑን መብራት ያጥፋ ያብራ፣ ሲነሳ ያነበበውን ይመዝግብ። የድሮውን ኮድ ከሰዓት በኋላ ሰካሁት፤ ሳይመሽ 255 አለኝ። አዲሱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ነው፤ እስኪነጋ አልነቅለውም። ለእናታችን ነገ ከሰዓት ይምጡ ብያቸዋለሁ።